ጠርሙሷ በነፃ ከጠፋች ቦቴው ለምን 36 ሺ ብር?

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄ ለሰርግ ቪዲዮ ሠራተኞችና ለኤዲተሮች ያቀረብኩት ንግግር ነው፣ ያልመጡ ልጆች በጽሑፍ ላክልን ስላሉኝ እንደተናገርኩት አድርጌ ጻፍኩት። ዋናው ነገር ስቱዲዮአችን ለአንድ ደንበኛ የላከው ደብዳቤ ነው፣ እሱን እየቆራረጥኩ አነብላችኋለሁ፣ መሃል መሃል ላይ ደግሞ ለምን እንደዛ እንደጻፍነው እናገራለሁ።

ደንበኛችን የሙሽሪት አባት ናቸው። ሰርጉ ጥር ላይ ቢሾፍቱ ነበር። የጠየቁን እንዲህ ብለው ነው፦ «ልጆቼ፣ ቪዲዮው ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የነበረችውን የፕላስቲክ ጠርሙስ በነፃ አጠፋችሁልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያንን የውሃ ቦቴ ለማጥፋት ግን 36 ሺ ብርና ሦስት ሳምንት ትላላችሁ። ሁለቱም ማጥፋት አይደለም እንዴ?»

እኔ ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የማከብረው። ሰውየው አልተከራከሩም፣ ስድብም የለበትም፣ ያልገባቸውን ነው የጠየቁት። እኛ ሞያ ውስጥ ያለን ሰዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ይሄ ከባድ ሥራ ነው ጋሼ» ብለን እናልፋለን፣ ከባድ ነው ማለት ግን መልስ አይደለም፣ ደንበኛው ጆሮ ላይ ዋጋ ለመጨመር የተባለ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ቁጭ ብለን ጻፍንላቸው። መጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

«ይድረስ ለተከበሩ አባታችን፣ ጤና ይስጥልን። ጠርሙሷና ቦቴው ልዩነታቸው የማጥፋቱ ላይ አይደለም። ማጥፋት ለሁለቱም አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ቦቴውን ስናጠፋው ግን ቪዲዮው ላይ ባዶ ጥቁር ቦታ ይቀራል፣ የምናስከፍልዎት እዛ ባዶ ቦታ ውስጥ መኖር የነበረበትን ነገር ለመሥራት ነው። ካሜራችን ከቦቴው ጀርባ ያለውን ደረጃና የአዳራሹን ግድግዳ አላየውም። ያልተቀረጸ ነገር ከየትም ቆርጠን ማምጣት ስለማንችል ከባዶ ተነስተን እንገነባዋለን። ነጠላ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ሲኖር በመርፌ ይጠገናል፣ ግማሹ ከሄደ ግን ሸማኔ ጋ ነው የሚመለሰው።»

እዚህ ላይ የቁጥር ጉዳይ አለ፣ ለእሳቸው በደብዳቤው አልጻፍነውም እናንተ ግን ብታውቁት ጥሩ ነው። ቪዲዮው 4ኬ ነው፣ አንዱ ፍሬም 3840 በ2160 ነው ማለትም ወደ 8.3 ሚሊዮን ፒክስል። ጠርሙሷ 40 በ120 ገደማ ነበረች፣ 4,800 ፒክስል። ቦቴው 1500 በ750 ይሆናል፣ 1 ሚሊዮን 125 ሺ ፒክስል፣ የጠርሙሷን ከ230 እጥፍ በላይ ማለት ነው፣ ከጠቅላላ ምስሉ ደግሞ ወደ 14 በመቶ። ግን ስፋቱ ብቻውን ዋጋውን አይወስንም፣ ይሄን ልብ በሉ፣ ምክንያቱም ቦቴው የቆመው ጠፍጣፋ ሰማይ ላይ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ቀን አይፈጅም ነበር።

ዋናው ነገር ጠርሙሷ ያለችበት ሾት በትራይፖድ የተቀረጸ ነው፣ ካሜራው ፍንክች አላለም፣ ከኋላዋ ደግሞ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ነው ያለው። ስለዚህ አንድ ፍሬም ላይ ከጎኗ ነጩን ጨርቅ ወስደህ ትሸፍናታለህ፣ ያንኑ ልጣፊ ለሾቱ በሙሉ ታቆየዋለህ፣ አለቀ። አንድ ጊዜ ሠርተህ ሁሉም ፍሬም ላይ ይሠራል። በነፃ የሠራነውም ለዛ ነው፣ ከቡና በፊት የሚያልቅ ሥራ ነበር።

ቦቴው ያለበት ሾት ግን በጊምባል እየተሄደ ነው የተቀረጸው። 8 ሰከንድ ነው፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ 200 ፍሬም። ቀራጩ ከሙሽሮቹ ጋር እኩል ወደ ጎን እየተራመደ ነው። እና ካሜራ ወደ ጎን ሲሄድ ቅርብ ያለው ነገር ቶሎ ያልፋል ሩቅ ያለው ቀስ ይላል፣ መኪና ውስጥ ሆናችሁ መስኮት ላይ የምታዩት ነው። ደረጃው ከካሜራው 18 ሜትር ላይ ነው፣ የአዳራሹ ግድግዳ 36 ሜትር ላይ፣ ስለዚህ ደረጃው የግድግዳውን እጥፍ ይንቀሳቀሳል። አንድ የሚያምር ፎቶ ሠርተህ ቦቴው የነበረበት ላይ ብትለጥፈው ደረጃውና ግድግዳው አንድ ላይ ይሄዳሉ፣ እና ሰው ምን እንደሆነ ባያውቅም የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ወዲያው ይሰማዋል፣ ካርቶን ላይ የተሳለ ይመስላል። ስለዚህ መሬቱ ለብቻ፣ ደረጃው ለብቻ፣ ግድግዳው ለብቻ ይሠራል፣ የካሜራው እንቅስቃሴ ይለካል፣ እያንዳንዱ በየርቀቱ ይቀመጣል። መሬቱ ደግሞ ኮብልስቶን ነው። ኮብልስቶን ማለት ድንጋዩ በሙሉ መስመር አለው፣ ወደ ሩቅ ሲሄድ እያነሰ ይሄዳል፣ አንድ መስመር ቢወላገድ ዓይን ይይዘዋል። ሳር ቢሆን ስህተቱ አይታወቅም ነበር።

ስለ አውቶማቲክ መሣሪያዎችም ተጠይቄያለሁ። አፍተር ኢፌክትስ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቪዲዮ ላይ ራሱ የሚሞላ መሣሪያ አለው፣ እኛም እንጠቀመዋለን፣ ለሽቦ፣ ለሶኬት፣ ሳር ላይ ለወደቀ ወረቀት በጣም ጎበዝ ነው። የሚሠራው ግን ከሌሎቹ ፍሬሞች እየተበደረ ነው፣ በየትኛውም ፍሬም ላይ ያልታየ ቦታ ሲያጋጥመው ዙሪያውን እየጎተተ ያዳርሰዋል። ሞከርነው፣ ኮብልስቶኑ ቀልጦ እንደ ጭቃ ሆነ፣ ግድግዳው ላይ ያለው መስኮት ደግሞ ሁለት ጊዜ መጣ። የማያቀው ነገር ስለሆነ አይፈረድበትም።

አሁን ደብዳቤው ላይ በጣም ያስጨነቀን ክፍል ጋ እንምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ብር የሚወስደው እሱ ነው፣ ደንበኛ ደግሞ ጨርሶ የማያየው እሱ ነው።

«አባታችን፣ ሁለተኛው ነገር ቦቴው ፊት ለፊት የሚያልፉት ሰዎች ናቸው። ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹና የሙሽሪት እናት በቦቴው ፊት አልፈዋል። ቦቴውን ስናነሳ እነሱን መንካት የለብንም። ስለዚህ እያንዳንዳቸውን ዙሪያቸውን እየተከተልን ከጀርባቸው እንለያቸዋለን፣ አዲሱን ጀርባ አስቀምጠን መልሰን ከላዩ ላይ እናደርጋቸዋለን። ሥራው በሙሉ ከሚፈጀው 9 ቀን 3ቱ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። በተለይ የባለቤትዎን ነጠላ ልናሳይዎት አንድ ምስል አጉልተን ከዚህ ጋር ልከንልዎታል።»

ያንን ምስል እዚህም በስክሪን አሳይቼ ነበር፣ አሁን በቃል ልንገራችሁ። እናትየው እልል እያሉ ክንዳቸውን ዘርግተዋል፣ ነጠላው ክንዳቸው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ፀሐይዋ ከፊት ለፊታችን ስለነበረች ነጠላው በርቷል። ነጠላ ደግሞ ያሳልፋል። በምስሉ ላይ 300 ፐርሰንት አጉልታችሁ ስታዩት ነጠላው ነጭ አይደለም፣ የቦቴው ሰማያዊ ቀለም በስስ ቦታው ሁሉ ገብቷል፣ ከጥለቱ አጠገብ ድርብ የሆነበት ጋ ብቻ ነው ነጭ የሆነው። እና ሰው ምን ይላል፣ ነጠላውን በጥንቃቄ ዙሪያውን ቆርጬ ካወጣሁት በኋላ ጨረስኩ ይላል። አልጨረስክም፣ ቦቴው ሄዷል ሰማያዊው ግን ነጠላው ውስጥ ቀርቷል። ከአዲሱ ጀርባ፣ ከቢጫው ግድግዳ ፊት ሰማያዊ ነጠላ ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሰማያዊው ከስሱ ቦታ ይወጣል፣ በምትኩ የግድግዳው ቢጫ በትንሹ ይገባል፣ የት ጋ ምን ያህል ያሳልፋል የሚለው ነጠላው በታጠፈና በተዘረጋ ቁጥር ይለዋወጣል። ይሄ የሚወዛወዝ ጨርቅ ነው፣ በየፍሬሙ ቅርጹ ይቀየራል።

ሰውነትን መከተል ይቀላል፣ በየ10 ፍሬሙ ቅርጹን አስተካክለህ መሃሉን ኮምፒውተሩ ይሞላዋል። እጅ፣ ጣት፣ ጫማ፣ የነጠላ ጫፍ ግን እንደዛ አይሆንም፣ በየፍሬሙ ወይ በየሁለት ፍሬሙ በእጅ ነው። ሌላው ደግሞ ካሜራው በ1/50 ሰከንድ ስለቀረጸ የሚወዛወዝ እጅ ጠርዙ የደበዘዘ ነው፣ ጠርዙን ስል አድርገህ ከቆረጥከው በመቀስ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል፣ ድብዛዜውን እንደነበረ መመለስ አለብህ። ይሄን ሰው እየተከተሉ መለየት፣ ሮቶ የምንለውን፣ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያልሠራችሁ አንድ ቀን አንድ ሰው የሚራመድበት 50 ፍሬም ውሰዱና ሞክሩት፣ ከዛ በኋላ ዋጋ ስትናገሩ ድምፃችሁ አይንቀጠቀጥም።

ሦስተኛው የደብዳቤው ነጥብ ጥላ ነው፦

«ቦቴው ጥላ ጥሏል። ጥላው መሬቱ ላይ ብቻ ቢሆን በቀላሉ በጠፋ ነበር፣ ነገር ግን ልጅዎ ቬሎዋ ጥላው ውስጥ ለአንድ ሰከንድ ገብቶ ይወጣል። ነጭ ልብስ ላይ ያረፈ ጥላን ማንሳት ልብሱን እንደ አዲስ መቀባት ስለሚሆን እኛ አንመክርም። በምትኩ ጥላውን እንተወዋለን፣ ጠርዙን በቅጠል ቅርጽ ሰባብረን፣ በግራ በኩል ካለው ዛፍ የመጣ እናስመስለዋለን።»

ይሄን እንድትይዙት የምፈልገው ነገር ነው። ትልቅ ነገር ስታነሳ የራሱ አካል ብቻ አይደለም የሚነሳው፣ አካባቢው ላይ የተወው ሁሉ አብሮ ይጠየቃል፣ ጥላው፣ መስታወት ላይ ያለው ነጸብራቅ፣ አጠገቡ ያለ ሰው ፊት ላይ የጣለው ቀለም። ጠርሙሷም ጥላ ነበራት፣ ግን ከልጣፊው ስር ገብቶ አብሯት ጠፋ። የቦቴው ግን ረዝሞ ሰው ላይ ደረሰ። ሁሉንም ለማንሳት ከሄድክ ወር ይፈጃል፣ ስለዚህ የትኛው ቢቀር ማንም አይጠይቅም የሚለውን ማወቅ ነው። የዛፍ ጥላ ሰርግ ላይ ማንም አይጠይቅም።

ጊዜው ለምን ሦስት ሳምንት ሆነ የሚለውን ቀጥሎ ጻፍንላቸው። ሥራው 9 የሥራ ቀን ነው፣ የስቱዲዮአችን የቀን ሂሳብ 4,000 ብር ነው፣ 36 ሺው የመጣው ከዛ ነው። ቀኑን ዘርዝረን ነው የነገርናቸው፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ፎቶ ለማንሳት 1 ቀን፣ የካሜራውን እንቅስቃሴ ለመለካት 1፣ ጀርባውን ለመገንባት 2፣ ሰዎቹን ለመለየት 3፣ ጥላውንና ሁሉንም ለማገጣጠም 1፣ መጨረሻ ላይ ለማጣራትና ለማውጣት 1። ሦስት ሳምንት የሆነው ደግሞ እኛ ሁለት ሰው ነን፣ ሥራውን የሚችለው ኮምፒውተር አንድ ነው፣ ከእሳቸው በፊት የተቀጠረላቸው ሰርጎች አሉ። ይሄን ደብቆ «ሥራው ብዙ ስለሆነ» ከማለት እንዳለ መንገር ይሻላል፣ ትልልቅ ድርጅት ቢሆን ሦስት ሰው መድቦ በአራት ቀን ይጨርሰዋል፣ ብሩ ግን አይቀንስም።

ቦታው ድረስ መሄድ ለምን አስፈለገ ብላችሁ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ሩቅ አይደለም። ከቦቴው ጀርባ ያለውን ደረጃ በትክክል የምናገኘው እዛው ሄደን በዛው ሌንስ፣ በ35 ሚሊሜትሩ፣ ካሜራው ከሄደበት መስመር ላይ ከሦስት አራት ቦታ ፎቶ ካነሳን ነው። ሰዓቱም ያው መሆን አለበት፣ ሾቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው የተቀረጸው። ወሩ ራሱ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ሀገር ጥር ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል ታዘነብላለች፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ወደ ሰሜን ምስራቅ ይሄዳል። ሰኔ ላይ ግን ፀሐይ ከእኛ አናት አልፋ በሰሜን በኩል ነው የምትሆነው፣ በዛው 9 ሰዓት ጥላው ወደ ደቡብ ምስራቅ ይዞራል። ሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ ናት አናታችንን የምታልፈው። ስለዚህ የጥር ሰርግ ጀርባ በሰኔ ሄደህ ብታነሳ የደረጃው እያንዳንዱ እርከን ጥላ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሆናል፣ ሰዎቹ ጥላቸው በአንድ በኩል ደረጃው በሌላ። ደንበኛ «በኋላ አስብበታለሁ» ሲላችሁ ይሄን ንገሩት፣ በቆየ ቁጥር ለምን እንደሚወደድ በትክክል የሚያስረዳ ነገር ነው፣ ማስፈራራት አይሁንባችሁ።

ቀጥሎ አማራጮቹን ሰጠናቸው፣ እኔ እንደሚመስለኝ ደብዳቤውን ደብዳቤ ያደረገው ይሄ ክፍል ነው፣ ምክንያቱም ዋጋ ብቻ ያለበት መልስ ሰውን እሺ ወይ እንቢ ላይ ነው የሚያቆመው።

«አባታችን፣ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ሙሉ በሙሉ ማንሳት ነው፣ ከላይ የነገርንዎት 36 ሺ ብር። ሁለተኛው የመጀመሪያዎቹን 3 ሰከንድ ብቻ መጠቀም ነው፣ እዛ ላይ ሰዎቹ ገና ቦቴው ጋ አልደረሱም፣ ስለዚህ ሰው መለየት የለበትም፣ 16 ሺ ብር ይሆናል። ሦስተኛው ቦቴውን ሳናጠፋ ዓይን እንዳይስብ ማድረግ ነው፣ ሰማያዊውን ቀለም እናደበዝዘዋለን፣ እናጠቁረዋለን፣ ጽሑፉን እናጠፋለን፣ 4 ሺ ብር ነው። ከሁለተኛው በፊት ግን አንድ ነገር ይወቁ፣ ባለቤትዎ እልል የሚሉት 5ኛው ሰከንድ ላይ ስለሆነ በሁለተኛው መንገድ እሳቸው አይገኙም።»

ሦስተኛው መንገድ ለምን 1 ቀን ብቻ ሆነ ብላችሁ እንደሆነ፣ ቀለም ስታደበዝዝ ጠርዙ ትንሽ ቢሳሳት አይታይም፣ ለስላሳ ማስክ ይበቃል፣ ነጠላውም እዛው ቦቴው ላይ እንዳለ ስለሚቆይ ምንም አይጠየቅም፣ ጀርባም አይገነባም። ብዙ ሰርግ ላይ እኔ የምመክረው ይሄን ነው። ሰው ቪዲዮ ሲያይ የሚረብሸው የነገሩ መኖር ብቻ አይደለም፣ ከሙሽሪት በላይ መድመቁ ነው፣ ሰማያዊ ቦቴ ላይ በትልቁ የተጻፈ ቢጫ ጽሑፍ ካለ ዓይን መጀመሪያ እዛ ይሄዳል። አደብዝዘኸው ጽሑፉን ካነሳህ ግማሹ ሰው አያየውም።

እሳቸው ግን አንደኛውን መረጡ፣ የባለቤቴ እልልታ መቅረት የለበትም አሉ። ከዛ ደግሞ ያልጠየቅናቸውን አደረጉ፣ ዘመድ አዝማዱን በሙሉ ቴሌግራም ላይ ጠይቀው በዛን ቀን የተነሱ የስልክ ፎቶዎች ሰብስበው ላኩልን። ከነዛ ውስጥ ሁለቱ ቦቴው ከመምጣቱ በፊት ጠዋት የተነሱ ነበሩ፣ ደረጃው ከነአበባ ማስቀመጫው ይታያል። ብርሃኑ የጠዋት ስለሆነ እንዳለ አልተጠቀምንበትም፣ ግን የእርከኑ ቁጥር፣ የግድግዳው ቀለም፣ መስኮቱ የት እንዳለ ሁሉ ታወቀ፣ ጥላውን እኛ ቀየርነው። የቢሾፍቱ ጉዞ ቀረ፣ ከሂሳቡም አንድ ቀን ቀነስን፣ 32 ሺ ሆነ። ከዛ ወዲህ ትልቅ ነገር ይጥፋልን የሚል ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ይሄንን ነው፣ እንግዶቹ ያነሱት ፎቶ ካለ ሰብስቡልን፣ በዋትስአፕ ሳይሆን በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩልን፣ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና ኮብልስቶኑ ይደበዝዛል።

ለቀራጮች ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ሾት ውስጥ የማይፈለግ ትልቅ ነገር ካያችሁ፣ ቦቴም ይሁን ጄኔሬተር ወይ ድንኳን፣ ሹፌሩን ፈልጋችሁ አስነሱ፣ ካልተገኘ ግን ሰዎቹ ካለፉ በኋላ በዛው መስመር ላይ አንዴ ብቻችሁን ተራመዱና ቅረጹ፣ ኤክስፖዠሩም ዋይት ባላንሱም እንደተቆለፈ፣ ፎከሱም እንዳለ። ቦቴው ሲሄድ ደግሞ መልሳችሁ አንዴ ቅረጹ። 20 ሰከንድ ነው የሚፈጀው፣ ከኤዲተሩ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ያነሳል። የጀርባው እውነተኛ ምስል ካለ መገንባት የሚባለው ነገር ይቀራል፣ ሰዎቹን መለየት ብቻ ነው የሚቀረው።

ደብዳቤው ሊያልቅ ሲል ሥራው ሲያልቅ እንዴት እንደሚያዩት ጻፍንላቸው፣ ይሄን ሁላችሁም ብትጽፉ እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ደንበኛ ምን መፈለግ እንዳለበት ካላወቀ ወይ ሁሉን እሺ ይላል ወይ ሌላ ነገር ላይ ይጣላል።

«ስንጨርስ መጀመሪያ በስልክ ሳይሆን በቴሌቪዥን ይዩት፣ ሳያቆሙ፣ በተለመደው ፍጥነት። ዓይንዎ ቦቴው ወደ ነበረበት ቦታ ካልሄደ ተሳክቷል። ከዛ ግድግዳው መሬቱ ላይ ሲያርፍ ይንሸራተት እንደሆነ፣ ሰዎቹ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ መስመር ይኖር እንደሆነ ይመልከቱ። ያገኙትን በደቂቃና በሰከንድ ጽፈው ይላኩልን፣ ሁለት ጊዜ እናስተካክላለን፣ በሂሳቡ ውስጥ ነው። አዲስ ነገር ይጥፋልን ካሉ ግን ለብቻው እናሰላዋለን።»

እኛ ደግሞ ከመላካችን በፊት የምናደርገው ምርመራ አለ። ጋማውን እስከ ላይ እንወስደዋለን፣ ጥቁሩ በሙሉ ግራጫ እስኪሆን፣ ከዛ እስከ ታች እናወርደዋለን። በተለመደው ብርሃን ያልታየ ልጣፊ እዛ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፣ ምክንያቱም ካሜራው በጥቁሩ ውስጥ ግሬይን፣ ያ የሚርመሰመሰው ደቃቅ ነጠብጣብ፣ አለው፣ እኛ የገነባነው ግድግዳ ግን ከፎቶ ስለመጣ ጸጥ ያለ ነው። ደንበኛው ቤት ያለ ቴሌቪዥን ብራይትነሱ ከፍ ያለ ከሆነ ያቺ ጸጥ ያለች አራት ማዕዘን ትታያለች። ስለዚህ ከራሱ ከሾቱ ግሬይኑን ወስደን በየፍሬሙ የሚንቀሳቀስ አድርገን እንጨምርበታለን፣ ቆሞ የሚቀር ግሬይን ከጨመርክ የቆሸሸ መስታወት ነው የሚመስለው። የእሳቸው ሾት በዚህ ምርመራ መጀመሪያ ላይ ደረጃው ስር አንዲት ቦታ አሳይቶናል፣ አስተካክለን ነው የላክነው፣ እሳቸውም ከተሰጡት ሁለት እርማቶች አንዷን ብቻ ተጠቀሙ፣ 6ኛው ሰከንድ ላይ የአንደኛው ሚዜ ጫማ ጠርዝ ላይ የቀረች ሰማያዊ ነበረች።